ሲስተር የሆነው ሹፌር

የሁለቱ እህትማማች ነርሶች አባት ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ከሞተ በኋላ ሲስተር ሆነ። ማዕረጉን የሰጠው የሆስፒታሉ አዲስ ኮምፒዩተር ነው። ሰውየው በሕይወት እያለ ጢሙን ሲላጭ አንድ ሰው ከበር ላይ «ሲስተር» ብሎ ቢጠራው፣ ምላጩን እንደያዘ ወጥቶ «ማንን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ የሠራተኞቹን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ሲያዛውር የገዛው ፕሮግራም የተሠራው ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ባለበት አገር ነው። እዚያ አያትም አባትም ልጅም በአንድ የጋራ ስም ይጠራሉ፤ ደብዳቤ ሲጻፍ ማዕረጉ የሚቀመጠው እዚያ የጋራ ስም ላይ ነው። እህትማማቾቹ በሚኖሩበት አገር ግን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ሰው ያለው አንድ ስም ነው፣ የራሱ። ከኋላ የሚከተለው የአባቱ ስም ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ለመለየት ያህል ይጠራል እንጂ ሰውየውን አይጠራውም። አቶም ይሁን ዶክተር፣ ወይዘሮም ትሁን ሲስተር፣ ማዕረጉ የሚቀድመው የራስን ስም ነው። የአባትን ስም ለብቻው ጽፎ ከፊቱ ማዕረግ መለጠፍ ደብዳቤውን ለአባትየው እንደ መላክ ነው። ይህን ማንም ክፍል ገብቶ አልተማረውም፤ ግን ኮምፒዩተሩ እስኪመጣ ድረስ የሚሳሳትበት ሰው አልነበረም።

ፕሮግራሙ «የመጨረሻ ስም» የሚል ሳጥን ነበረው። መዝገቡን የሞሉት ሰዎች እዚያ ሳጥን ውስጥ የሠራተኛውን አባት አስገቡ፤ ሌላ ምን ያስገቡ? ደብዳቤ ሲታዘዝ ፕሮግራሙ ማዕረጉን ያወጣና ከዚያ ሳጥን ጋር ያጋባዋል። በዚህ ሁኔታ የላቦራቶሪዋ ልጅ አንድ ጠዋት «ወይዘሪት» ተብሎ የአባቷ ስም የተጻፈበት ፖስታ ደረሳት። አባቷ ባለ ወፍራም ድምፅ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ፖስታውን ከመስኮት መስኮት እየዞረች አሳየች፤ ሆስፒታሉ ያን ቀን ጥርሱን ሳይከድን ዋለ። አንድ አንጋፋ ሐኪም ግን አልሳቁም። «አባቴ ማንበብ አይችሉም ነበር። ዶክተር ብላችሁ አታሹፉባቸው» ብለው ደብዳቤውን መለሱት።

ጸሐፊዋ ነገሩን ለዳይሬክተሩ አነሳች። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ውጭ አገር ሲማር ዓመት ከዓመት በአባቱ ስም ሲጠራ ኖሮ፣ መጀመሪያ ግራ ገብቶት፣ በኋላ ለምዶት፣ በመጨረሻም ወዶት የመጣ ነው። ዓለም የሚሠራበት አሠራር ይህ መሆኑን፣ ሰውም ቀስ በቀስ እንደሚለምደው ነገራት። እውነትም ተለመደ። ፖስታው ላይ የሥራ ክፍሉ ስለሚጻፍ፣ ተላላኪው ክፍሉ ደርሶ «የእገሌ ልጅ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የእገሌ ልጅ እጁን ያወጣል፤ አለቀ።

አንድ ክፍል ብቻ ነበር የእገሌ ልጅ ሲባል ሁለት እጅ የሚወጣበት። ማዋለጃ ክፍል።

ሁለቱ እህትማማቾች እዚያ ነበሩ። ሰው ሁሉ ትልቋ ሲስተርና ትንሿ ሲስተር ነው የሚላቸው። ትልቋ በዚያ ክፍል ስታዋልድ የኖረች፣ ምራቋን የዋጠች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ክፍሉን ቀጥ የምታደርግ ሴት ናት። ሐኪሞቹ እንኳን እርሷ ስትገባ ሳያውቁት ገዋናቸውን ይቆልፋሉ። አባትየው ሲሞት ትምህርቷን በዲፕሎማ ላይ አቁማ ሥራ የገባችው እርሷ ናት፤ ትንሿ ግን እስከ ዲግሪ እንድትማር አደረገች፣ ትንሿም በነርስ አስተዳደር ተመርቃ መጣች። ከዚያ በፊትም አንድ ነገር ነበር። ትንሿ ስትወለድ እናትየው ደክማ አባትየውም መንገድ ላይ ስለነበር፣ ስም ያወጣችላት ትልቋ ናት። ያኔ ገና የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነበር፤ ስሙን ስትናገር በክፍተቱ እያፏጨ ይወጣ እንደነበር እናትየው እስከ ዛሬ ታወራለች።

የክፍሉ ኃላፊ በጡረታ ስትወጣ ሁለቱም ተወዳደሩ። ትንሿ መወዳደር አልፈለገችም ነበር፤ ትልቋ ናት ያስገደደቻት። «የተማርሽው ለጌጥ ነው እንዴ? ግቢ፤ የሚሻለውን እነሱ ይምረጡ» አለቻት። ይህን ስትል የሚሻለው ማን እንደሆነ እርግጠኛ ነበረች። ሰው ሁሉ እርግጠኛ ነበር። ከመራጮቹ በቀር።

መራጮቹ ትንሿን መረጡ። ዲግሪውን አይተው ነው፤ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሊወቀሱ አይችሉም። ዳይሬክተሩ የሹመቱ ደብዳቤ እንዲወጣ አዝዞ፣ ፈርሞ፣ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተጓዘ። ደብዳቤው «ለሲስተር» ይልና የሹፌሩን ስም ያስከትላል፤ ከሥሩ «ማዋለጃ ክፍል»። ተላላኪው ክፍሉ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አላሰበም። የሹመት ደብዳቤ መሆኑ ቀድሞ ተወርቷል፤ ትንሿ ያን ቀን ተረኛ አልነበረችም፤ ብትሆንስ ኖሮ? ፖስታውን በሁለት እጁ ለትልቋ ሰጣት።

ትልቋ ቆማ አነበበችው። አጣጥፋ የደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችውና እጇን ታጥባ ወደ ምጥ ክፍል ተመለሰች። እዚያ የነበረችው ሴት የመጀመሪያ ልጇ ነበር፤ ምጡ ረዘመ። ልጁ ወጥቶ፣ አልቅሶ፣ ተጠቅልሎ እናቱ ደረት ላይ ከተኛ በኋላ ነው ትልቋ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ገብታ በሩን የዘጋችው። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አብረዋት የሚሠሩት ይህን አይተው አያውቁም ነበርና፣ እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት እስክትረጋጋ ጠበቁ።

እናትየው ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ የደወለችው ለትንሿ ነው። ትንሿ ባሏ ቤት ልብስ ስታጥፍ ነበር። ደስ አላት፤ እውነተኛ ደስታ ነበር። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ሌላም ነገር ተሰማት። ፈተናውን ጥሩ ሠርታ ነበር፤ ቃለ መጠይቁም ላይ የጠየቋትን ሁሉ መልሳለች፤ ወደ ቤት ስትመለስም ክፍሉን እንዴት እንደምትመራው እያሰበች ነበር። ያን ቦታ ፈልጋዋለች። ሆድ ባሳት። ይህን ለባሏ አልነገረችውም፤ ማታ እናቷ ቤት ሄዳ እህቷን አቅፋ ሳመቻት።

ትልቋ ሥራ ጀመረች። የኃላፊዋን ቁልፍ ተረከበች፤ የተራውን ሠሌዳ አስተካክላ ሕፃን ልጅ ያላቸውን ነርሶች ከተደጋጋሚ የሌሊት ተራ አወጣች። ስንት ማስታወሻ ተጽፎበት ሳይጠገን የኖረውን የሚያፈስ ቧንቧ፣ ጥገና ክፍል ሄዳ በር ላይ ቆማ አሠራችው። በምጥ አልጋዎቹ መካከል መጋረጃ ሰቀለች። ክፍሉ ሲተነፍስ ይታይ ነበር። ትንሿም አየች፤ ያን ሁሉ እርሷም ልታደርገው አስባ እንደነበር፣ ቧንቧውን ግን በደብዳቤ ልትሞክረው እንደነበር ለራሷ አመነች።

ደንቡ ተሿሚው ሹመቱን መቀበሉን በጽሑፍ እንዲመልስ ያዛል። ትልቋ በእጇ ጻፈች፤ እንዳደገችበት። ከሥር ስትፈርም «ሲስተር» ብላ የራሷን ስም አስቀደመች፣ የአባቷን አስከተለች። ወረቀቱ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ጸሐፊዋ መጀመሪያ ዓይኗ የራሷ አልመሰላትም። የመራጮቹን ውሳኔ አውጥታ አየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ዳይሬክተሩ እስኪመለስ ድረስ ለማንም ላለመናገር ወሰነች።

ዳይሬክተሩ ተመለሰ። ነገረችው። የትልቋን ፊርማ አየ። ከዚያ ስህተት መታረም ያለበት በቶሎ ነው አለ። ጸሐፊዋ ትልቋን ጠርቶ ፊት ለፊት ቢያነጋግራት እንደሚሻል ነገረችው። ያን ለማድረግ ወኔ አላገኘም፤ መጀመሪያ ወረቀቱ ይውጣ፣ በኋላ አነጋግራታለሁ አለ። ደብዳቤዎቹን በእጅ ልጻፋቸው ብትለውም በመዝገብ መግባት አለባቸው ብሎ በኮምፒዩተሩ አስወጣቸው። ሁለት ደብዳቤ። አንዱ በስህተት የተሰጠው ሹመት መሻሩን ይገልጻል። አንዱ ሹመቱን ይሰጣል። ሁለቱም «ለሲስተር» ይላሉ፤ ሁለቱም የሹፌሩን ስም ያስከትላሉ። ዳይሬክተሩ ፈረመና ራሱ አሸገ። አንድን ስህተት በዚያው ስህተት ማረም የቻለ ሰው ብዙ አይገኝም።

ጸሐፊዋ የትኛው ለማን እንደሆነ ፖስታዎቹ ላይ በእርሳስ ልትጽፍ ስትፈልጋቸው ተላላኪው ይዟቸው ወጥቶ ነበር። ማዋለጃ ክፍል ሲደርስ ትልቋ አልነበረችም፤ ለስብሰባ ሄዳለች። መተላለፊያው ላይ ያገኛት ትንሿን ነው። ሁለቱንም ፖስታ ሰጣትና አንዱ ያንቺ አንዱ የእህትሽ ነው፣ ተካፈሉት ብሎ ሄደ።

ትንሿ አንሶላ የሚቆለልበት ክፍል ገብታ አንዱን ከፈተች። ሹመትዎ ተሽሯል ይላል። የምን ሹመት? ሁለተኛውን ከፈተች። ተሹመዋል ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አንሶላው ላይ ዘረጋቻቸው። ቀኑ አንድ፣ ፊርማው አንድ፣ ማዕረጉ አንድ፣ ስሙም የአባቷ። ከዚያ ገባት። ቀድሞ ለእህቷ የደረሰው የሹመት ደብዳቤ ለእርሷ የተጻፈ ነበር።

ደስታው መጣ፤ ሊደበቅ የሚችል አልነበረም። ፈተናውን አልፋለች። እህቷ ትዝ ያለቻት ከደስታው በኋላ ነው፣ በጣም ትንሽ ቆይቶ፤ ግን በኋላ ነው። ለዚህ ራሷን ታዘበች። ትልቋ ደብዳቤውን በፍሬም አድርጋ እናታቸው ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እናትየው ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ክፍሉ በሙሉ ነገ «ተሳስተው ነው እኮ» እያለ ሲያዝንላት ትልቋ የት ትገባለች?

ዳይሬክተሩ ሳያስበው እጇ ላይ ያስቀመጠላት ነገር የታያት ያኔ ነው። ወረቀቶቹ የራስ ስም የላቸውም። የትኛው የማን እንደሆነ የሚናገር ነገር ፖስታውም ወረቀቱም ላይ የለም። የሹመቱን ለእህቷ ብትሰጥና የመሻሩን እርሷ ብትይዝ፣ ሁለቱም የደረሳቸው በአባታቸው ስም የተጻፈ ደብዳቤ ነው።

አሰበችበትና እንዲሁ አደረገች። የሹመቱን ደብዳቤ በአዲስ ፖስታ ከትታ እህቷ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። የመሻሩን ይዛ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ደብዳቤው ደርሷት ሹመቷ መሻሩን ማወቋን፣ ቅሬታም እንደሌላት ነገረችው። ዳይሬክተሩ ይህ የእርሷ እንዳልሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። ወረቀቱን አዙራ ወደ እርሱ አስጠጋችለትና፣ የእርሷ አለመሆኑን የሚለውን መስመር እንዲያሳያት በትሕትና ጠየቀችው። ፈለገ። አጣው። መስኮት መስኮቱን አየና ለጊዜው ነገሩ ባለበት ይቆይ አለ፤ ከትልቋ ጋር የሚያደርገው ንግግር ስለቀረለት ቅር ያለው አይመስልም ነበር።

ትልቋ ከስብሰባ ስትመለስ ፖስታውን አገኘች። አነበበችው። ሰው ሁለት ጊዜ አይሾምም። መሳቢያዋን ከፍታ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቅጂ አወጣች፣ አስተያየች፤ ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ ለመዋሸት ሞክራ ነበር። ትልቋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዝም ብላ አየቻት፤ ያ ዝምታ ስንት ሐኪም እውነቱን እንዲናገር አድርጓል። ጸሐፊዋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ትንሿ መጥታ ዳይሬክተሩን ያለችውን ጨምራ። ሲጨርሱ ትልቋ ነጭ ወረቀት ጠየቀች።

ትንሿ ተራዋን ጨርሳ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ልብሷን እየቀየረች ነበር ትልቋ ስትገባ። ሌላ ሰው አልነበረም። ትልቋ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና፣ «ሳይጠይቁሽ ማዘን ከየት ተማርሽ?» አለቻት።

«እትዬ፣ ያንቺ ቦታ ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቧንቧውን ያሠራሽው አንቺ ነሽ።»

«ቧንቧ አሁንም አሠራለሁ፤ ማን ከለከለኝ?» አለች ትልቋ። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ከፍቶኛል። አልዋሽሽም፤ በጣም ከፍቶኛል። ግን አንቺ ሰጥተሽኝ የምቀመጥበትን ወንበር አልፈልገውም። ያስተማርኩሽ እንድትመልሺልኝ ነው እንዴ?»

የትንሿ እንባ መጣ። ትልቋ ያን እንዳላየች ሆና ከኪሷ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። በእጅ የተጻፈ ነው፤ የትልቋ ቀጥ ያለ ጽሕፈት። ላይኛው መስመር «ለሲስተር» ይላል። ቀጥሎ የትንሿ የራሷ ስም አለ። ትልቋ በክፍት ጥርሷ እያፏጨች ያወጣችው ስም፣ በትልልቁ፤ የአባታቸው ከኋላው። ኮምፒዩተሩ ከመጣ ወዲህ ትንሿ ማዕረግ በራሷ ስም ላይ ተቀምጦ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከእህቷ እጅ ደግሞ ከናካቴው አይታው አታውቅም፤ ቤት ውስጥ የምትጠራት በማቆላመጫ ነው፣ ከተቆጣችም በሙሉ ስም።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል።

«ጉዳዩ፦ ኃላፊነት ማስረከብን ይመለከታል። የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ሆነው የተሾሙት እርስዎ ስለሆኑ፣ በአድራሻ ስህተት በእኔ እጅ የቆየውን ቁልፍ፣ የዕቃ ዝርዝርና የተራ ሠሌዳ ከዛሬ ጀምሮ ለእርስዎ ያስረከብኩ መሆኔን እየገለጽኩ፣ መልካም የሥራ ዘመን እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።»

ከሥሩ «ሲስተር» ይላል፣ የትልቋ ስም፣ የአባታቸው። ግልባጭ ለዳይሬክተሩ።

ትንሿ «እርስዎ» የሚለው ቃል ላይ ቆመች። ከልጅነቷ ጀምሮ አፍንጫዋን የጠረገችላት፣ ፀጉሯን የሠራችላት፣ ስታጠፋ ጆሮዋን የጎተተች እህቷ እርስዎ ብላታለች። ደብዳቤው ደብዳቤ ስለሆነ ነው፤ ሥራ ላይ ሌላ አጻጻፍ የለም። ያም ሆኖ ቀና ብላ እህቷን ማየት አቃታት።

«ይኼኛው የማን እንደሆነ ይታወቃል» አለች ትልቋ። ቁልፉን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ብዕር ዘረጋችላት። «የደረሰሽ ለመሆኑ ፈርሚ።»

ትንሿ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ብዕሩን ተቀበለች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ሲስተር» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላ የራሷን ስም፤ የአባቷን በመጨረሻ። የሞተው ሹፌር ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ከሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ኋላ።

ከኮሪደሩ ማዶ አንዲት ሴት ምጥ እንደጀመራት ተሰማ። ትልቋ ጓንት ለማጥለቅ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ አዲሷ ኃላፊ የሥራ ልብሷን መልሳ እንድትለብስ፣ ሰው እንደሚያንስ ነገረቻት።